ከአንድ ጥማድ ጤፍ በዓመት ስንት ቶን አፈር ይሄዳል? የአፈር ብክነት ቀመሩ እንዴት ይሰላል፣ የቱ ጋ ይሳሳታል

ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያው ይዞራል። «ኢትዮጵያ በዓመት 1.5 ቢሊዮን ቶን አፈር ታጣለች» ይላል። አብሮት የደፈረሰ የዓባይ ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይደረደራል፤ አንዱ «አፈራችን በሙሉ ሱዳን ገባ» ይላል፣ ሌላው «ማን መዝኖት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቢሊዮን ቶን አፈር ሚዛን ላይ ያወጣ ማንም የለም። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚገኙት ከትንንሽ የሙከራ ማሳዎች የተለካውን ወደ ሰፊ አገር በማስፋት ነው። ለማስፊያው በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ ደግሞ ስድስት ቁጥሮችን የሚያባዛ አንድ ቀመር ነው። ቀመሩን ለመረዳት ከአገር አቀፉ ቁጥር መነሳት አያስፈልግም። እንዲያውም ከአንድ ተዳፋት ማሳ ቢጀመር ይሻላል፤ የተሠራው ለማሳ ነውና።

## ቀመሩ ምን ይላል

ሁለንተናዊ የአፈር ብክነት ቀመር ይባላል፤ ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዩኤስኤልኢ ይሉታል። ዋልተር ዊሽማየር እና ዱዋይት ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 አሳተሙት፣ በ1978 ደግሞ አሻሽለው አወጡት። መሠረቱ በአሜሪካ የእርሻ ማሳዎች ላይ ለረጅም ዓመታት የተሰበሰበ ልኬት ነው። እንዲህ ይጻፋል፦

```
A = R × K × L × S × C × P
```

A በዓመት ከአንድ ሄክታር የሚሄደው አፈር በቶን ነው። R የዝናቡ ጉልበት ነው። K አፈሩ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሸረሸር ይገልጻል። L የተዳፋቱ ርዝመት፣ S ደግሞ የተዳፋቱ ድፋት ነው። C መሬቱ ላይ ያለውን ሰብል ወይም ሽፋን ይወክላል። P ገበሬው አፈሩን ለመያዝ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ለምሳሌ ተዳፋቱን አግድም ማረስ።

ነገሩ ከአንድ «መለኪያ ማሳ» ይነሳል። ይህ ማሳ 22 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ድፋቱ 9 በመቶ ነው፣ ሰብል የለበትም፣ ከላይ ወደ ታች ይታረሳል። እዚህ ማሳ ላይ L፣ S፣ C እና P ሁሉም አንድ ናቸው። የእርስዎ ማሳ ከዚህ ምን ያህል ይለያል የሚለውን ነው አራቱ ቁጥሮች የሚናገሩት። ስለዚህ ቀመሩ በባሕርዩ የማነጻጸሪያ መሣሪያ ነው። ይህን ካልያዝን በኋላ የሚመጣው ቁጥር ያሳስተናል።

የአሜሪካውን ቀመር እንዳለ አምጥቶ ደጋ ላይ መጠቀም አይቻልም። ስዊዘርላንዳዊው ሀንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲመች አድርጎ አቀለለው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በአገሪቱ የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በጎጃም አንጀኒ፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ፣ በወሎ ማይባር፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ነበሩ። የእሱ ሠንጠረዥ የቆመው በዚያ ሥራ ላይ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ላቦራቶሪ አለመፈለጉ ነው። የዝናቡን ጉልበት ከዓመታዊው የዝናብ መጠን ያሰላል፤ የአፈሩን ጠባይ ደግሞ ከቀለሙ ይገምታል፦ ጥቁር 0.15፣ ቡናማ 0.20፣ ቀይ 0.25፣ ቢጫ 0.30።

## አንድ ጥማድ ጤፍ፣ ደምበጫ አካባቢ

እንሥራው። ምዕራብ ጎጃም፣ ደምበጫ አካባቢ ያለ አንድ ጥማድ ማሳ እንውሰድ። ሩብ ሄክታር መሆኑ ነው። ከላይ ወደ ታች 40 ሜትር፣ ወደ ጎን 62 ሜትር ተኩል ነው። ቀይ አፈር፣ ጤፍ የተዘራበት፣ እርከን የሌለው። የዓመት ዝናቡን 1,400 ሚሊ ሜትር እንያዝ።

መጀመሪያ ዝናቡ። የሁርኒ ስሌት ዓመታዊውን ዝናብ በ0.562 ያባዛና 8.12 ይቀንሳል። 1,400 በ0.562 ሲባዛ 786.8 ነው፣ 8.12 ሲነሳለት R 778.7 ይሆናል። አፈሩ ቀይ ስለሆነ K 0.25 ነው።

ቀጥሎ ርዝመቱ። ለ40 ሜትር ሠንጠረዡ 1.4 ይሰጣል። ድፋቱን ለመለካት የእርከን ቀያሾች የሚይዙት የገመድ ውሃ ልክ ይበቃል። 10 ሜትር ገመድ በሁለት እንጨት መሃል ይወጠራል፣ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል በታችኛው እንጨት ላይ ያለው ጫፍ ከፍ ይላል፣ ከዚያ በሁለቱ እንጨቶች ላይ ገመዱ ያለበት ከፍታ ልዩነት ይለካል። ልዩነቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ድፋቱ 15 በመቶ ነው ማለት ነው። ለ15 በመቶ S 1.6 ነው።

ጤፍ C 0.25 ተሰጥቶታል። ገበሬው ተዳፋቱን አግድም የሚያርስ ከሆነ P 0.9 ነው። እንግዲህ ይባዛ፦

```
778.7 × 0.25 × 1.4 × 1.6 × 0.25 × 0.9 = 98
```

በሄክታር በዓመት 98 ቶን። ማሳው ሩብ ሄክታር ስለሆነ ከእሱ የሚሄደው 24.5 ቶን፣ በኩንታል 245 ነው። ከዚሁ ማሳ በጥሩ ዓመት የሚታፈሰው ጤፍ አራት አምስት ኩንታል ነው።

ቶን ለዓይን ስለማይታይ ወደ ውፍረት እንለውጠው። አንድ ሜትር ኩብ የእርሻ አፈር 1.2 ቶን ቢመዝን፣ ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲነሳ 12 ቶን ይሆናል። ስለዚህ 98 ቶን ማለት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ስምንት ሚሊ ሜትር ማንም አያየውም፤ በየዓመቱ ስለሚታረስ ምልክቱም ይጠፋል። ግን ማረሻው የሚያገላብጠው 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይህን ያህል ውፍረት ለመጨረስ 18 ዓመት ይበቃል። የአፈሩ መተካካት ደግሞ ዝግ ያለ ነው። ሁርኒ ራሱ ለኢትዮጵያ የገመተው ከቦታ ቦታ እየተለያየ በሄክታር በዓመት ከ2 እስከ 22 ቶን ነው።

## ለምን ጤፍ?

በሁርኒ ሠንጠረዥ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ 0.15 ናቸው። በቆሎና ማሽላ 0.10። ጤፍ 0.25። እዚሁ ማሳ ላይ ጤፉ በስንዴ ቢተካ 98ቱ ወደ 59 ይወርዳል፣ በበቆሎ ቢተካ ወደ 39።

ጥፋቱ የተክሉ አይደለም። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ልሞ መጠበቅ አለበት፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ ይታረሳል። የሚዘራው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ በሚበረታበት በሰኔና በሐምሌ መሬቱ ራቁቱን፣ ተልሞ፣ ምንም ሳይከልለው ይቆያል ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ጤፉ ሲሸፍነው ብዙው አፈር ሄዷል። በቆሎ ቀድሞ ስለሚዘራ በሐምሌ ቅጠሉ ጠብታውን መቀበል ጀምሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ብዙ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ሰብል ብቻ አይዘራም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ እያፈራረቀ ከሆነ C የሦስቱ አማካይ፣ 0.18 ገደማ ነው፣ ውጤቱም 72 ቶን ይሆናል። ቀመሩ የረጅም ዓመታት አማካይ እንዲሰጥ ስለተሠራ ትክክለኛው አያያዝ ይህ ነው። «ዘንድሮ ከማሳዬ 98 ቶን ሄደ» ማለት አይቻልም። ዘንድሮ አንድ ከባድ ዶፍ በሰኔ ቢጥል ከአማካዩ በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል፣ ዝናቡ በእርጋታ ቢዘንብ ደግሞ ግማሹም ላይሞላ ይችላል።

## ስሌቱ በብዛት የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ማባዛቱ ለማንም ቀላል ነው። ችግሩ የሚገባው ከመለኪያው ጋር ነው።

አንደኛው ዲግሪና በመቶን ማምታታት ነው። አሁን ብዙ ሰው ድፋትን በስልክ ይለካል፣ ስልኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዲግሪ ነው። 15 በመቶ ማለት 8.5 ዲግሪ ነው። ስልኩ ላይ 8.5 ያየ ሰው እንደ በመቶ ቆጥሮ ሠንጠረዡ ውስጥ ቢገባ S ከ1.6 ወደ 0.8 አካባቢ ይወርድበታል። የማሳው ብክነት በወረቀት ላይ በግማሽ ቀነሰ፤ መሬት ላይ ምንም አልተለወጠም።

ሁለተኛው የመለኪያ ሠንጠረዦችን መቀላቀል ነው። K በተለያየ የመለኪያ ሥርዓት ይጻፋል። በሁርኒ ሠንጠረዥ 0.25 የሆነው ቀይ አፈር በሌላ ሠንጠረዥ 0.03 አካባቢ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እዚያ ግን R ራሱ በሺዎች ነው የሚቆጠረው። R ከአንዱ፣ K ከሌላው ከተወሰደ ውጤቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ይስታል። በሄክታር 12 ቶን ወይም 800 ቶን የሚል ውጤት ለእንዲህ ዓይነት የጤፍ ማሳ ከወጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው፣ የተዳፋቱ ርዝመት ነው። L የማሳው ርዝመት አይደለም። የሚለካው ጎርፉ ከሚጀምርበት ቦታ አንስቶ ውሃው ቦይ ውስጥ እስከሚገባበት ወይም ያመጣውን አፈር እስከሚያራግፍበት ድረስ ነው። ከላይ የሠራነው 40 ሜትር የሚያስኬደው ከማሳው ራስ ላይ ውሃ መቀልበሻ ቦይ ወይም ጠንካራ ወሰን ካለ ብቻ ነው። ከሌለ፣ የላይኛው ጎረቤት ውሃ በቀጥታ ይገባል።

ከላይ ሌላ 40 ሜትር ተመሳሳይ ማሳ አለ እንበል። አጠቃላይ ርዝመቱ 80 ሜትር ሲሆን L ወደ 1.9 ያድጋል፣ የሰማንያው ሜትር አማካይ ብክነት በሄክታር 133 ቶን ይሆናል። ግን የላይኛው አርባ ሜትር ብቻውን 98 ነበር። ሁለቱ ተደምረው አማካያቸው 133 እንዲሆን የታችኛው 168 መሆን አለበት። አፈሩ ያው፣ ጤፉ ያው፣ ድፋቱ ያው፣ አስተራረሱም ያው። የታችኛው ገበሬ ከላይኛው 70 ቶን አብልጦ የሚያጣው የጎረቤቱ ውሃ በእሱ ማሳ ስለሚያልፍ ብቻ ነው። የእርከን ሥራ በማሳ ሳይሆን በተፋሰስ፣ ከላይ ወደ ታች ይጀመር የሚባለው ለዚህ ነው። በውሃ መልቀቂያ የሚነሳው የጎረቤት ጠብም ከዚሁ ይመነጫል።

## እርከን ሲሠራ ስንት ይቀንሳል?

ወደ 40 ሜትሩ ማሳ እንመለስ። በየ10 ሜትሩ እርከን ቢሠራ ጎርፉ የሚሮጥበት ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል። L ከ1.4 ወደ 0.7 ይወርዳል፣ ብክነቱም በግማሽ ቀንሶ 49 ቶን ይሆናል። ይህ የመጀመሪያው ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ይመጣል። ከእርከኑ ጀርባ አፈር ይጠራቀማል፣ እርከኑም በየጊዜው ከፍ ይደረጋል። በተለይ ፋኛ ጁ በሚባለው ዓይነት፣ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይኛው ወገን ስለሚደፋ፣ በሁለት እርከኖች መሃል ያለው መሬት ቀስ በቀስ እየተደላደለ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ድፋቱ ከ15 ወደ 10 በመቶ ቢወርድ S 1.0 ይሆናል፣ ብክነቱ ወደ 31 ቶን። ጤፉ ሳይቀየር ከ98 ወደ 31 መጣ ማለት ነው። ስንዴና ባቄላ ከተፈራረቁበት ወደ 22 ይጠጋል፤ ይህ አፈሩ ሊተካ ይችላል ከተባለው መጠን ጣሪያ አካባቢ ነው።

ብዙ የፕሮጀክት ሪፖርት የሚሳሳተው እዚህ ነው። እርከን በመሠራቱ L ይቀነሳል፤ ከዚያ «እርከን አለ» ተብሎ P እንደገና ይቀነሳል። አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። ውጤቱ ለሪፖርት ያምራል፣ ግን እውነት አይደለም። በሁርኒ አያያዝ P ለአስተራረስና ለመሸፈኛ የተተወ ነው፦ አግድም ማረስ 0.9፣ ሰብል በረድፍ ማፈራረቅ 0.8፣ ገለባ ማልበስ 0.6፣ የማሳው 80 በመቶ በድንጋይ ከተሸፈነ 0.5። የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስገርማል። ማሳ ላይ ያለ ድንጋይ ጠብታውን ይቀበላል፣ ጎርፉንም ያዘገያል። ስለዚህ ድንጋዩን ጠርጎ ለእርከን ማዋል በአንድ በኩል ሲጠቅም በሌላ በኩል ይጎዳል።

ሌላም ወጪ አለ፣ ቀመሩ የማያውቀው። እርከኑና ቦዩ መሬት ይወስዳሉ። ሩብ ሄክታር ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ገበሬው እርከን ሲያፈርስ «ግንዛቤ ስለሌለው» ነው ማለት ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም፤ ከሚያድነው አፈር ዘንድሮ የሚያጣው መሬት ይበልጥበታል ብሎ አስልቶ ሊሆን ይችላል።

## «ለተራራ አይሆንም» እና «ሌላ ምን አለ?»

በባለሙያዎች መካከል ያለው ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። አንዱ ወገን ቀመሩ የተገነባው በአሜሪካ መለስተኛ ተዳፋቶች ላይ ስለሆነ 40 እና 50 በመቶ ድፋት ላይ መጠቀም ግምቱን አልባሌ ያደርገዋል ይላል። የዝናቡንም ነገር ያነሳል፤ 1,400 ሚሊ ሜትር በእርጋታ የወረደበትና በጥቂት ዶፍ የወረደበት ቦታ በዚህ ስሌት አንድ R ያገኛሉ። ሌላው ወገን ደግሞ የበለጠ ረቀቅ ያሉ ሞዴሎች በየቦታው የሌለ መረጃ ይጠይቃሉ፣ አንድ የግብርና ባለሙያ በገመድና በሠንጠረዥ ሊሠራው የሚችለው ይህ ነው ይላል።

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን የሚናገሩት ስለተለያየ አጠቃቀም ነው። የቁጥሩ ፍጹም መጠን፣ 98 ነው ወይስ 70 ወይስ 130 የሚለው፣ በጣም የሚጠረጠር ነው። «ጤፉን ባፈራርቅ ይሻላል ወይስ እርከን ብሠራ?» የሚለው ንጽጽር ግን ያን ያህል አይናጋም፤ የዝናቡና የአፈሩ ስህተት በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚባዛ ይጣፋል። ቀመሩን ለምርጫ መጠቀም ያስኬዳል። ከአንድ ማሳ ተነስቶ በቶን የተቆጠረ ካሣ ወይም ክፍያ መተመን ግን አያስኬድም።

ወንዙ ጋ ያለው ግራ መጋባትም እዚህ ይፈታል። A ከተዳፋቱ ላይ የተነሳው አፈር ነው፣ ዓባይ የገባው አይደለም። ከማሳው የሄደው ብዙው ከታች ባለው ድንበር፣ በሣሩ፣ በሜዳው ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል ቀመሩ ቦረቦርን ጭራሽ አይቆጥርም። ለወንዙ ደለል ትልቅ ድርሻ ያለው ቦረቦርና የሚናድ የወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማሳዎችን ብክነት ደምሮ «ይህን ያህል ሱዳን ገባ» ማለት በሁለት በኩል ይስታል፤ አንዱን ያጋንናል፣ ሌላውን ይረሳል።

በጎጃም ጤፍ ማሳ ላይ ገበሬው ውሃ እንዳይተኛ የሚያወጣው ፈሰስ የሚባል ሰያፍ ቦይም ከቀመሩ ውጭ ነው። ፈሰሱ ሲጎደጉድና ሲሰፋ የሚወስደው አፈር ከ98ቱ ላይ ተጨማሪ ነው።

## ማሳው ላይ ማረጋገጥ

ስሌቱ ከመሬቱ ጋር መገናኘቱን ለማየት ከከባድ ዝናብ በኋላ ገመድና ማስመሪያ ይዞ መውጣት ይበቃል። ጎርፉ ማሳው ላይ የቀደዳቸው ትንንሽ ቦዮች ይቆጠራሉ፣ ወርዳቸውና ጥልቀታቸው በተለያየ ቦታ ይለካል። ጊዜው ወሳኝ ነው። ከሚቀጥለው እርሻ በፊት መሆን አለበት፣ አለዚያ ማረሻው ይደፍነዋል።

በእኛ ጥማድ ላይ 20 ቦዮች ተገኙ እንበል፤ በአማካይ 15 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 40 ሜትር ርዝመት። አንዱ 0.48 ሜትር ኩብ ነው። ሃያው 9.6 ሜትር ኩብ፣ በ1.2 ሲባዛ 11.5 ቶን። ቀመሩ ለዚሁ ማሳ የሰጠው 24.5 ቶን ነበር። ቀሪው ቦይ ሳይቀድ በስሱ ተጠርጎ የሄደው አፈር ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ ቁጥሮች አይጣሉም።

የቦዮቹ ብቻ 40 ቶን ቢመጣ ግን አንድ ነገር ተሳስቷል። ዘንድሮ የተለየ ዶፍ ካልጣለ በቀር መጀመሪያ መታየት ያለበት የማሳው ራስ ነው። ቦዮቹ ከማሳው መሃል ሳይሆን ከላይኛው ወሰን ጀምሮ ጠልቀው ከገቡ ውሃው የሚመጣው ከጎረቤት ነው፣ የተዳፋቱ ርዝመትም 40 ሜትር አልነበረም።